ዱላው እንዲከብድ ካሜራው ለምን መረጋጋት አለበት?

ጥያቄ፦ «በዩኒቲ የምሠራው ባለ ሦስት አውታር ጨዋታ አለኝ። ካሜራው ከገጸ ባሕሪው ጀርባ ሆኖ ይከተላል፤ ዋናው መሣሪያ ዱላ ነው። ዱላው ባረፈ ቁጥር Time.timeScale ለ0.15 ሰከንድ ዜሮ ይሆናል፤ ካሜራው ደግሞ ለ0.4 ሰከንድ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይንቀጠቀጣል። ኮምቦው በ2 ሰከንድ ውስጥ አምስት ምት አለው። ሲታይ ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን የሞከሩልኝ ጓደኞቼ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አቅለሸለሸን አሉ። መንቀጥቀጡን ስቀንሰው ደግሞ ዱላው ላባ ይሆንብኛል። ሂት ስቶፑን፣ ማለትም በምቱ ቅጽበት ማቆሙን፣ ላጥፋው? ወይስ መንቀጥቀጡን ቀስ ያለ ላድርገው?»

ምላሽ፦ ሂት ስቶፑን አያጥፉት፤ መንቀጥቀጡንም ቀስ ያለ አያድርጉት። ሁለቱም መንገዶች ከችግሩ ያርቁዎታል። የምት ክብደት በዋናነት የሚመጣው መቺውና ተመቺው በተገናኙበት ቅጽበት ከመቆማቸው ነው፤ የካሜራ መንቀጥቀጥ በዚያ ላይ የሚጨመር ትንሽ ማጣፈጫ ነው። እርስዎ ጋ ግን ሸክሙ ሁሉ በካሜራው ላይ ወድቋል። መንቀጥቀጡን ሲቀንሱ ዱላው ላባ የሚሆነው ከሥሩ ሌላ ነገር ስላልተሠራ ነው።

መጀመሪያ የራስዎን ቁጥሮች እንመልከት። በ2 ሰከንድ ውስጥ አምስት ምት ካለ፣ እያንዳንዱም ምት ለ0.4 ሰከንድ ካሜራውን ካንቀጠቀጠ፣ አምስቱ ተደምረው ሙሉውን 2 ሰከንድ ይይዛሉ። ይህም ማለት ኮምቦው ከጀመረበት እስከሚያልቅበት ድረስ ካሜራው አንዲት ቅጽበት እንኳ አያርፍም። ዓይን የመጀመሪያውን መንቀጥቀጥ የምት ምልክት አድርጎ ይቀበለዋል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን የሚለይበት ጸጥታ ስለሌለ ምልክትነቱ ይጠፋና ዝም ብሎ የሚናወጥ ዓለም ይሆናል። ስለዚህ ጨዋታዎ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር እያጣ ነው፤ ተጫዋቹን ያጥወለውለዋል፣ አምስተኛውና ዋናው ምትም ከመጀመሪያው የማይለይ ይሆናል።

ማቅለሽለሹ ከየት እንደሚመጣ በትክክል ካልተረዳን የምንቀንሰውን አናውቅም። ከጀርባ የሚከተል ካሜራ ለተጫዋቹ እንደ ራሱ ጭንቅላት ነው። ካሜራው ሲንቀሳቀስ ዓይኑ «ጭንቅላትህ ተንቀሳቀሰ» ይለዋል፤ በውስጥ ጆሮው ያለው ሚዛን ጠባቂ ክፍል ግን «ወንበርህ ላይ ተቀምጠሃል» ይለዋል። ይህ አለመስማማት ለአፍታ ከሆነ አካል ይተወዋል፤ በተደጋጋሚ ሲመጣ ግን ይጠራቀማል። ጓደኞችዎ በመጀመሪያው ደቂቃ ሳይሆን ወደ አሥረኛው ሲቃረቡ የታመሙትም በዚህ ምክንያት ነው። ከእንቅስቃሴዎቹ ሁሉ የባሰው አድማስን የሚያጋድለው፣ ማለትም ካሜራው ወደ ጎን የሚንጋደድበት ነው፤ ምክንያቱም ሰው መሬት ጠፍጣፋ ሆና እንድትቆይ አጥብቆ ይጠብቃል። «ወደ ሁሉም አቅጣጫ» ያሉት መንቀጥቀጥ ይህን መንጋደድ እንደሚጨምር አልጠራጠርም። ዛሬውኑ ያውጡት፤ ሌላ ምንም ሳይነኩ ይህ ብቻውን ልዩነት ያሳይዎታል።

ቀስ ያለ መንቀጥቀጥ የዋህ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በመርከብና በመኪና ሕመም ላይ በተደረጉ ጥናቶች ሰውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስታውከው በሰከንድ 0.2 ዑደት አካባቢ ያለው፣ አንዱ መወዛወዝ አምስት ሰከንድ የሚፈጅ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ነው። ፈጣንና አጭር ንዝረትን ዓይን እንደ ድንጋጤ ያልፈዋል፤ ዝግ ያለውንና የሚጎተተውን ግን እንደ እውነተኛ የጭንቅላት እንቅስቃሴ ይወስደዋል። መንቀጥቀጥን «ለማለስለስ» ብሎ ማዘግየት ወደዚያ አደገኛ ጠርዝ መጠጋት ነው። ሊያሳጥሩት፣ ሊያሳንሱትና ቁጥሩን ሊቀንሱት ይገባል እንጂ ሊያዘገዩት አይገባም።

ሂት ስቶፑ ንጹሕ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ማቆም ራሱ አያሳምምም፤ እርስዎ ያቆሙበት መንገድ ግን ያሳምማል። Time.timeScale ዜሮ ሲሆን ዓለሙ ሁሉ ይቆማል፤ የካሜራው ስክሪፕት በ Time.deltaTime የሚሠራ ከሆነ ካሜራውም አብሮ ይቆማል። ተጫዋቹ ግን በዚያች ቅጽበት ብዙ ጊዜ ቀጣዩን ጠላት ለማየት ካሜራውን በእጁ እያዞረ ነው። እጁ ይዞራል፣ ሥዕሉ ይደርቃል፣ ከ0.15 ሰከንድ በኋላ ደግሞ በድንገት ይቀጥላል። ይህን ለማረጋገጥ ካሜራውን ያለማቋረጥ ክብ እያዞሩ ዱላውን ይሰንዝሩ። ዙረቱ በየምቱ የሚቆራረጥና የሚነጥር ከሆነ ግማሹ ሕመም ከዚህ ነው። ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ነገር ያስተውላሉ፤ መንቀጥቀጡም በ Time.deltaTime የሚቆጠር ከሆነ በቁመቱ፣ ማለትም ዓለሙ በቆመበት፣ ጊዜ ደርቆ ይጠብቅና ከቁመቱ በኋላ ሙሉውን 0.4 ሰከንድ ይጀምራል። ስለዚህ የአንድ ምት ውጤት 0.4 ሳይሆን 0.55 ሰከንድ ይዘልቃል፤ የሚቀጥለውም ምት ከላዩ ይደረብበታል።

መፍትሔው ዓለሙን ሳይሆን ሁለቱን ገጸ ባሕርያት ብቻ ማቆም ነው። መቺውና ተመቺው ይደርቃሉ፤ ካሜራው፣ ድምፁ፣ አቧራውና የሌሎቹ ጠላቶች እንቅስቃሴ ይቀጥላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሠራ የአኒሜተሩን ፍጥነት በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ ያስቀምጥና ዜሮ ያደርገዋል፣ በኋላም ያስቀመጠውን ይመልሳል። ገጸ ባሕሪው ቆሞ ሳለ ሁለተኛ ምት ካረፈበት ግን የሚቀመጠው «የቀድሞ ፍጥነት» ዜሮ ይሆናል፤ ገጸ ባሕሪውም እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ሐውልት ሆኖ ይቀራል። እኔ ራሴ ይህን ስሕተት ሁለት ቀን ፈልጌዋለሁ። ከዚህ የሚያድነው የሚቆምበትን ሳይሆን የሚለቀቅበትን ሰዓት መያዝ ነው፦

```csharp
float stopUntil;

public void HitStop(int frames) {
    stopUntil = Mathf.Max(stopUntil, Time.time + frames / 60f);
}

void Update() {
    anim.speed = Time.time < stopUntil ? 0f : 1f;
}
```

ይህ በሁለቱም ገጸ ባሕርያት ላይ ይቀመጣል። በተደራራቢ ምት ጊዜ ረጅሙ ይወሰዳል እንጂ አይደመርም። የእንቅስቃሴው ስክሪፕትም stopUntil እስኪያልፍ ድረስ ገጸ ባሕሪውን እንዳይገፋ ያድርጉ፤ ተመቺው ወደ ኋላ የሚወረወርበት ኃይል መሰጠት ያለበት ቁመቱ ሲያበቃ ነው። በቁመቱ ውስጥ ተጫዋቹ የነካቸውን ቁልፎች ደግሞ ያስታውሷቸው። ያ ካልሆነ ሦስተኛውን ምት በጊዜው የጠየቀ ሰው ጨዋታው አልሰማኝም ይላል፤ በዚህም ሂት ስቶፑ የኃይል ስሜት ሳይሆን የኮምፒውተር መንቀርፈፍ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ርዝመቱ እንምጣ። ለሁሉም ምት አንድ ዓይነት 0.15 ሰከንድ መስጠትዎ ትልቁ የስሜት ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሚሌ» የቁመቱን ርዝመት ከጉዳቱ መጠን ያሰላዋል፤ መሠረታዊው ስሌት ጉዳቱን ለሦስት አካፍሎ ሦስት ፍሬም መጨመር ነው። 12 ጉዳት የሚያደርስ ምት 7 ፍሬም ያቆማል፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሄድ ይህ 0.117 ሰከንድ ገደማ ነው። ቁጥሩን እንዳለ መቅዳት አያስፈልግም፤ መውሰድ ያለብዎ ቀላል ምትና ከባድ ምት በቁመታቸው እንዲለዩ ማድረጉን ነው። እኔ በዱላና በመጥረቢያ ጨዋታ ላይ ለቀላል ምት 3 ወይም 4፣ ለመካከለኛ 5 ወይም 6፣ ለመጨረሻው ከባድ ምት ከ10 እስከ 12 ፍሬም እሰጣለሁ። ከ12 በላይ ሲሄድ ጨዋታው የተንጠለጠለ መምሰል ይጀምራል፤ ከዚያ የሚያልፍ ቁመት ትልቁ ጠላት ለሚወድቅበት አንድ ቅጽበት ብቻ ይቀመጥ።

ከርዝመቱ እኩል የሚያሳስበኝ የሚቆመው ሥዕል ነው። ኮዱ ግንኙነትን በሚያውቅበት በመጀመሪያው ፍሬም ላይ ዱላው ብዙ ጊዜ ገና ቆዳን ነክቶ ነው፤ በዚያ ላይ ካቆሙ ዱላ የተጠጋጋበት ሰው እንጂ ዱላ ያረፈበት ሰው አይታይም። አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ያሳልፉና ዱላው ወደ ጎኑ ሰምጦ፣ ተመቺው መታጠፍ በጀመረበት ላይ ያቁሙ። ድምፁ ግን ከግንኙነቱ ጋር እንጂ ከቁመቱ በኋላ አይምጣ። ይህን ሲያስተካክሉ ካሜራውን ሳይነኩ ዱላው ምን ያህል እንደሚከብድ ይመልከቱ፤ በእኔ ልምድ ብዙ ሠሪዎች መንቀጥቀጥን የሚጨምሩት ይህን ሥዕል ሳያስተካክሉ ስለሚቀሩ ነው።

በቁመቱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይንቀጥቀጥ፤ እርሱም ተመቺው ነው። የተመቺውን ምስል ብቻ፣ የግጭት ሳጥኑን ሳይነኩ፣ በምቱ አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር በየሁለት ፍሬሙ ያመላልሱትና እስከ ቁመቱ መጨረሻ እየቀነሱ ይሂዱ። መቺው ፈጽሞ አይነቃነቅ። ይህ የድብድብ ጨዋታ ሠሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት የቆዩት መንገድ ነው፤ ንዝረቱ በስክሪኑ ትንሽ ክፍል ላይ ስለሚወሰንና ከኋላው ያለው መሬትና ሰማይ ስለማይነቃነቅ ጭንቅላትን አያደናግርም። ካሜራው በዚሁ ቅጽበት ቢንቀጠቀጥ ግን ተጫዋቹ እንዲያየው ጊዜ የሰጡትን ሥዕል እርስዎ ራስዎ ያደበዝዙበታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግንኙነት፣ ቁመት ከተመቺው ንዝረት ጋር፣ ከዚያም መለቀቅ ይሁን፤ ካሜራው የሚንቀሳቀሰው፣ መንቀሳቀስ ካለበት፣ በመለቀቁ ላይ ነው።

ለካሜራው የምተውለት ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነው። ባለ ሦስት አውታር ጨዋታ ላይ ካሜራውን ከቦታው ማንሳት አይመከርም፤ ሩቅ ያለው ነገር ላይ አይታወቅም፣ ግድግዳ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ካሜራው ወደ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ትንሽ መዞር ይበቃል፤ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ከ0.8 ዲግሪ የማይበልጥ፣ መንጋደዱ ዜሮ። በየፍሬሙ ዕጣ የሚያወጣ መንቀጥቀጥ አይጠቀሙ፤ በሰከንድ 144 ፍሬም በሚያሳይ ስክሪን ላይ ሌላ፣ በ30 ላይ ሌላ ይሆናል። ፐርሊን ኖይዝ የተባለው ለስላሳ የዘፈቀደ ቁጥር በሰዓት ስለሚነበብ በሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ይሆናል። ኃይሉን ደግሞ በራሱ ማባዛት፣ ማለትም ካሬውን መውሰድ፣ ጥሩ ነው፤ ደካማው ምት ከሞላ ጎደል ይጠፋል፣ ጠንካራው ይታያል፣ ጅራቱም ሳይጎተት ያልቃል።

```csharp
void LateUpdate() {
    power = Mathf.Max(0f, power - Time.deltaTime / 0.3f);
    float s = power * power * userScale * 0.8f;
    float t = Time.time * 15f;
    float up   = s * (Mathf.PerlinNoise(t, 3.7f) * 2f - 1f);
    float side = s * (Mathf.PerlinNoise(t, 91.2f) * 2f - 1f);
    cam.localRotation = Quaternion.Euler(up, side, 0f);
}
```

እዚህ ላይ cam ተከታዩን ስክሪፕት የያዘው ነገር አይደለም፤ የእርሱ ልጅ ነው። መንቀጥቀጡን በተከታዩ ካሜራ ላይ በቀጥታ ከጨመሩ ተከታዩ ስክሪፕት የተናወጠውን ቦታ እንደ እውነተኛ ቦታ ይወስደውና ካሜራው በየምቱ ትንሽ ትንሽ እየሸሸ ይሄዳል። ምት ሲመጣ power ላይ አይደምሩ፤ ካለው ከሚበልጥ ብቻ ይተኩት። አንድ ዙር ዱላ ሦስት ጠላት ቢመታ መንቀጥቀጡ ሦስት እጥፍ መሆን የለበትም። ዒላማን የሚያሰላው መስመርም ከልጁ ሳይሆን ከወላጁ ይነሣ።

አሁን የእርስዎን ኮምቦ በዚህ እንተካው። አንደኛውና ሁለተኛው ምት 3 ፍሬም፣ ሦስተኛውና አራተኛው 5 ፍሬም፣ አምስተኛው 11 ፍሬም ይቁሙ። ድምሩ 27 ፍሬም፣ ማለትም 0.45 ሰከንድ ነው፤ የቀድሞው 0.75 ሰከንድ ነበር። ጨዋታው በጠቅላላ ያነሰ ይቆማል፤ አምስተኛው ምት ግን ከቀድሞው 9 ፍሬም ወደ 11 አድጓል፣ ከፊቱ ካሉት አጫጭር ምቶች ጋር ሲተያይም ከቁጥሩ በላይ ረጅም ይመስላል። ካሜራው በአራቱ ምቶች ፈጽሞ አይነቃነቅ፤ በአምስተኛው መለቀቅ ላይ ብቻ power አንድ ይሁን። በ2 ሰከንዱ ውስጥ ካሜራው የሚናወጠው ለ0.3 ሰከንድ ብቻ ይሆናል፤ በካሬው ምክንያት ደግሞ የሚታየው የመጀመሪያው ግማሽ ነው። አራት ጊዜ ጸጥ ያለ ካሜራ አንድ ጊዜ ሲነቃነቅ ተጫዋቹ ዱላው አጥንት ላይ እንዳረፈ ያውቃል።

መንቀጥቀጡን የቀነሰ ሠሪ ባዶውን ለመሙላት ብዙ ጊዜ ስክሪኑን በሙሉ ነጭ ብልጭታ ይሞላዋል። ይህን በፍጹም አያድርጉ። በብርሃን ብልጭታ የሚጥል በሽታ የሚነሣባቸው ሰዎች አሉ፤ የድር ተደራሽነት መመሪያ በአንድ ሰከንድ ከሦስት ብልጭታ በላይ እንዳይኖር ይከለክላል፣ ኮምቦዎን ትንሽ ቢያፈጥኑት ከዚያ ወሰን ያልፋሉ። ብልጭታ ካስፈለገ በዱላውና በአካሉ መገናኛ ላይ ትንሽ ይሁን። የሕይወት መለኪያውና ጽሑፉም ከካሜራው ጋር አይናወጡ፤ የቆመ ነገር በስክሪኑ ላይ መኖሩ ዓይን የሚያርፍበት ይሰጠዋል።

በኮዱ ላይ ያለው userScale ተጫዋቹ በቅንብር ገጽ የሚያስተካክለው ስላይደር ነው፤ ከዜሮ እስከ አንድ ይሂድ፣ ከመጀመሪያው ውጊያ በፊትም ይገኝ። የኤክስቦክስ የተደራሽነት መመሪያ ቁጥር 117 የዚህ ዓይነት እንቅስቃሴን ማጥፋት እንዲቻል የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ ተፈጽሞ እንኳ 0.3 ሰከንድ የማይችል ሰው አለ። ጨዋታውን ወደ ራስ ላይ መነጽር፣ ወደ ቪአር፣ የሚወስዱት ከሆነ ደግሞ ስላይደሩ ሳይሆን ኮዱ ራሱ ይውጣ፤ እዚያ ካሜራው የእውነት የሰው ጭንቅላት ስለሆነ ከራሱ በቀር ማንም ሊያዞረው አይገባም።

ለመፈተን የራስዎን ስሜት አይመኑ። በየቀኑ ሲያዩት አካልዎ ለምዶታል። አንድ ጊዜ በምሠራው ጨዋታ ላይ አራት ዲግሪ መንጋደድ አስገብቼ ለሳምንታት ምንም ሳይሰማኝ ቆየሁ፤ ከትከሻዬ ኋላ ቆማ ታይ የነበረች ባልደረባዬ ግን አምስት ደቂቃ ሳትቆይ ፊቷን አዞረች። የሚጫወት ሰው ምቱ መቼ እንደሚያርፍ ስለሚያውቅ ይዘጋጃል፤ ተመልካቹ ግን እንደ መኪና ተሳፋሪ ነው፣ ቀድሞ ይታመማል። ስለዚህ ጨዋታውን አይተው የማያውቁ ሰዎችን ይጥሩ፤ አንዱ ይጫወት፣ አንዱ ከጎኑ ይመልከት፤ ትልቅ ስክሪን ፊት ቀረብ ብለው ለ20 ደቂቃ ይቀመጡ። በየአምስት ደቂቃው የምቾት ማጣታቸውን ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር ይጠይቋቸው፤ ቁጥሩ መውጣት የጀመረበት ሰው ወዲያው ይቁም፣ በዚያው ቀንም አይድገም፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ሙከራ የሚለካው የፊተኛውን ቅሪት ነው።

የምመክርዎ የሥራ ቅደም ተከተል ስለዚህ ይህ ነው። ስላይደሩን ዜሮ ያድርጉትና በቁመቱ፣ በሚቆመው ሥዕል፣ በተመቺው ንዝረትና በድምፁ ላይ ብቻ ይሥሩ፤ ለጨዋታው አዲስ የሆነ ሰው የትኛው የኮምቦው ምት ከባዱ እንደሆነ ሳይነገረው እስኪለይ ድረስ ካሜራውን አይንኩ። ያ ሲሆን ብቻ ለአምስተኛው ምት 0.8 ዲግሪውን ይክፈቱለት፤ ከዚያ በኋላ በ20 ደቂቃው ፈተና የአንድ ሰው ቁጥር እንኳ ከሁለት ካለፈ ወደ 0.5 ያውርዱት።